ለጠባብ ማእድ ቤት፦ ሁድ ወይስ ኤግዞስት ፋን?

«በአዲስ አበባ፣ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን ከባለቤቴና ከልጄ ጋር እንኖራለን። ማእድ ቤቱ 1.8 ሜትር በ2.4 ሜትር ነው፤ በር የለውም፣ በቀጥታ ወደ ሳሎን ይከፈታል። ወደ ውጭ የሚያይ የብረት መስኮት አለው። ወጥ በሠራሁ ማግስት የቁሌቱ ሽታ ከሶፋው፣ ከመጋረጃውና ከልጄ ዩኒፎርም አይለቅም። ሱቅ ብጠይቅ ቱቦ የማያስፈልገው፣ አየሩን በካርቦን ፊልተር አጣርቶ ወደ ቤት የሚመልስ ሁድ አሳዩኝ። ባለቤቴ ደግሞ ትንሽ ኤግዞስት ፋን ትበቃለች ይላል። የቱን ልግዛ? — ሽታው ያስቸገራት»

ውድ ጠያቂያችን፣ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው፤ መስኮቱ ላይ የሚገጠም፣ አየሩን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ፋን ይግዙ። ሆኖም በፋኑ መጠን ከተሳሳቱ ወይም ከተገጠመ በኋላ አየሩ በየት በኩል እንደሚገባለት ካላሰቡበት፣ ገንዘብዎን አውጥተው ድምፁን ብቻ ሊያተርፉ ይችላሉ። ስለዚህ ምርጫውን ብቻ ሳይሆን አገጣጠሙንም ረዘም አድርጌ እጽፍልዎታለሁ።

በመጀመሪያ ሽታው ለምን እንደማይለቅ እንመልከት። ሽንኩርቱ ሲቁላላ በብዛት የሚወጣው የውኃ እንፋሎት ነው፤ ዘይቱ ወይም ቅቤው ከገባ በኋላ ግን በዓይን የማይታዩ የቅባት ነጠብጣቦች ከእንፋሎቱ ጋር ተቀላቅለው ይነሣሉ፤ የበርበሬውንና የቅመሙን ሽታም ይዘው ይሄዳሉ። እነዚህ ነጠብጣቦች ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኙ ያርፋሉ፤ ግድግዳው፣ መጋረጃውና የሶፋው ጨርቅ ማረፊያቸው ነው። በማግስቱ መስኮት ከፍተው ቤቱን ሲያናፍሱ አየሩ ይቀየራል፣ ጨርቁ ላይ የተጣበቀው ቅባት ግን እዚያው ሆኖ ሽታውን ቀስ በቀስ ይለቃል። ስለዚህ ጠቃሚው ሰዓት ቁሌቱ ምድጃ ላይ ያለበት ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ ከማእድ ቤት ሳይወጣ ያልተያዘ ቅባት በኋላ በምንም ፋን አይመለስም።

ሱቅ ያሳዩዎት ዓይነት ሁድ ሁለት ነገር አለው፦ ከፊት ቅባት የሚይዝ የብረት ወንፊት፣ ከኋላው ደግሞ ሽታ የሚይዝ የካርቦን ፊልተር። ወንፊቱ ትልልቁን የቅባት ነጠብጣብ በሚገባ ይይዛል፤ ካርቦኑም አዲስ ሳለ ከሽታው የተወሰነውን ይቀንሳል። እንፋሎቱንና ሙቀቱን ግን ምንም አያደርጋቸውም፤ አጣርቶ ወደዚያው ክፍል ይመልሳቸዋል። አብዛኞቹ አምራቾች ካርቦኑ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ በየቀኑ ቁሌት በሚቁላላበት ቤት ደግሞ እርጥበትና ቅባት ስለሚሸፍነው ከዚያም ቀድሞ ይደክማል። የብረቱ ወንፊት ይታጠባል፣ የተለመደው የካርቦን ፊልተር ግን ታጥቦ አይመለስም። መድከሙን ማወቅ ከባድ አይደለም፤ ሁዱ እየሠራ አየር ከሚመልስበት ቀዳዳ አጠገብ ሆነው ሲያሸቱ ከድስቱ በላይ ያለውን ሽታ እዚያም ካገኙት ካርቦኑ አብቅቷል። ይህን ዓይነት ሁድ የምመክረው ወደ ውጭ የሚያይ መስኮትም ሆነ ግድግዳ ለሌለው ማእድ ቤት ብቻ ነው። የእርስዎ መስኮት አለው፤ ስለዚህ የተሻለውን መንገድ ትቶ ወደ ሁለተኛው መሄድ አያስፈልግም።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ። የማእድ ቤትዎን ርዝመት በወርዱ፣ ከዚያም በከፍታው ያባዙ፤ ከፍታው 2.6 ሜትር ነው ብንል 11 ሜትር ኪዩብ ያህል አየር ይይዛል። ወጥ ለሚሠራበት ክፍል አየሩ በሰዓት ወደ 15 ጊዜ ቢቀየር ጥሩ ነው እላለሁ፤ ይህም በሰዓት ከ160 እስከ 170 ሜትር ኪዩብ ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን ፋኑ ምንም ሳይከለክለው በነፃ ሲዞር የሚያስወጣው ነው። መከለያው፣ መዝጊያ ክንፎቹና በጊዜ ብዛት የሚጠራቀመው ቅባት ስለሚቀንሱት፣ ከተጻፈው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ አገኛለሁ ብሎ ማሰብ ይሻላል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ በሰዓት 250 ሜትር ኪዩብ ገደማ የተጻፈበትን ይፈልጉ። ቁጥሩ በሲ.ኤፍ.ኤም ከተጻፈ በ1.7 ቢያባዙት ወደ ሜትር ኪዩብ በሰዓት ይቀየራል፤ 150 ሲ.ኤፍ.ኤም 255 ይሆናል።

ይህን ያህል የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ባለ 6 ኢንች የሚባለው፣ የክንፉ ስፋት 150 ሚሊ ሜትር የሆነው ፋን ነው። ባለ 4 ኢንቹ ለመታጠቢያ ቤት የታሰበ ሲሆን፣ በሰዓት 100 ሜትር ኪዩብ አካባቢ ስለሚያስወጣ ለእርስዎ አይበቃም፤ «ትንሿ ትበቃለች» በሚለው ላይ ከባለቤትዎ ጋር የምለያየው እዚህ ጋ ነው። ባለ 8 ኢንቹ ደግሞ ኃይሉ ከሚያስፈልግዎ በላይ ነው፤ ድምፁ ከፍ ስለሚልም ሰው ወጡ ሳይበስል ያጠፋዋል፣ የጠፋ ፋን ደግሞ ትልቅ ሆኖ ምንም አይጠቅምም።

ሱቅ ሲገቡ ሻጩ ፋኑን ሶኬት ላይ ሰክቶ እንዲያስነሣልዎት ይጠይቁ። እጅዎን ከፊቱ ሳይሆን ከኋላው፣ አየር ከሚወጣበት በኩል ያድርጉ፤ ነፋሱ በክንፉ ዙሪያ እኩል ሊሰማዎት ይገባል። የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚንጫጫ ከሆነ ክንፉ ሚዛኑን ስቷልና ሌላ ይምረጡ። ሲጠፋ የኋላ ክንፎቹ በራሳቸው ወርደው መዝጋታቸውን ይመልከቱ፤ መብራት በሚጠፋበትና ነፋስ በሚነፍስበት ጊዜ የውጭው አየር ሽታውን ገፍቶ ወደ ሳሎን እንዳይመልሰው የሚከለክሉት እነሱ ናቸው። ሞተሩ ዙሪያውን የተሸፈነ፣ የፊት መከለያው ደግሞ ያለ መፍቻ የሚወልቅ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ለማጽዳት አስቸጋሪ የሆነ ፋን ሳይጸዳ ዓመት ያልፈዋል።

አገጣጠሙ ለተከራይ ምቹ ነው፤ ግድግዳ መብሳት አያስፈልግም። ከብረት መስኮቱ ላይኛው ክፍል አንዱን መስታወት ያስወልቁና በልኩ የተቆረጠ፣ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ላሜራ ያስገቡበት፤ በላሜራው መካከል ፋኑ የሚገባበት ክብ ቀዳዳ ይበሳል። ቀዳዳውን የሚለኩት ከራሱ ከፋኑ አካል ላይ እንጂ «6 ኢንች» ከሚለው ጽሑፍ ላይ አይሁን፤ አካሉ ከክንፉ ሰፋ ይላልና። በላሜራውና በፋኑ መካከል ስስ ጎማ ካልገባ ላሜራው እንደ ከበሮ ያስተጋባል፤ ጠርዙ ደግሞ በሲሊከን ይደፈን። ያወለቁትን መስታወት በጋዜጣ ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ ቤቱን ሲለቁ በስቱኮ መልሰው ያስገቡታል። አከራዩን አስቀድመው ማስፈቀድ ግን አይቅር። የላይኛውን መስታወት የመረጥኩት ትኩስ አየር ወደ ጣራው ስለሚወጣ ነው። በቀጥታ ከምድጃው በላይ ባይሆን ይሻላል፤ የዚህ ዓይነት ፋን ሞተር ለእሳት ሙቀት አልተሠራም። ውጩንም ይመልከቱ፦ ፋኑ የሚተነፍሰው ወደ ጎረቤት መስኮት ወይም ወደ ልብስ ማስጫ ከሆነ ችግሩን አዛወሩት እንጂ አልፈቱትም፤ ያን ጊዜ ሌላኛውን መስታወት ይምረጡ ወይም አየሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚመልስ የላሜራ ቆብ ከውጭ ያስገጥሙ።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው አየሩ የሚገባበት መንገድ ነው። ፋን አየር የሚያስወጣው በምትኩ አየር ሲያገኝ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ፋኑን አስነሥቶ አጠገቡ ያለውን የመስኮት ክፍል ደግሞ «እንዲረዳው» ብሎ ይከፍተዋል። ይህ ስሕተት ነው፤ አየር የቅርቡን መንገድ ስለሚመርጥ ከውጭ በመስኮቱ ገብቶ ወዲያው በፋኑ ይወጣል፣ ከድስቱ የሚነሣው ሽታ ግን ሳይነካ ወደ ሳሎን ይሄዳል። አንድ ጓደኛዬ ቤት ፋኑ «አይስብም» ተብሎ ሊቀየር ሲል የማእድ ቤቱን መስኮት ዘግተን የመኝታ ቤቱን በእጅ ወርድ ያህል ብንከፍተው፣ ያው ፋን በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቀላል መጋረጃ ወደ ውስጥ መሳብ ጀመረ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፦ ወጥ ሲሠሩ የማእድ ቤቱ መስኮት ዝግ ይሁን፣ የሳሎኑ ወይም የመኝታ ቤቱ መስኮት ጥቂት ይከፈት፤ ንጹሑ አየር በሳሎን አልፎ ወደ ማእድ ቤት ይገባል፣ ከዚያም በፋኑ ይወጣል።

በእርስዎ ቤት ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋል፤ ማእድ ቤቱ በር የለውም። መግቢያው 80 ሴንቲ ሜትር በ2 ሜትር ነው ብንል፣ ፋኑ የሚስበው አየር በዚህ ሁሉ ስፋት ሲከፋፈል በሰከንድ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ይህ ሰው ሲያልፍ ከሚፈጠረው ነፋስ ያንሳል፤ ትኩሱ እንፋሎትም ከመግቢያው በላይኛው በኩል ሾልኮ ሳሎን ይገባል። መግቢያው ላይ ከላይ ጀምሮ የሚወርድና ከወለሉ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚቀር መጋረጃ ቢሰቅሉ ግን፣ ያው አየር በታችኛው ክፍት ብቻ ስለሚገባ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 23 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ የላይኛው መሾለኪያም ይዘጋል። ፋኑን ሳይቀይሩ ሥራውን በብዙ እጥፍ ያሳደጉት ያህል ነው። መጋረጃው ጨርቅ ከሆነ እሱ ራሱ ሽታ ስለሚይዝ በስፖንጅ የሚጠረግ ፕላስቲክ ይሁን፤ ከምድጃው በቂ ርቀት ይኑረው፣ ጎኖቹም ከመግቢያው ጠርዝ ጋር ይጠጉ። አከራዩ ከፈቀዱ ተንሸራታች በር ከዚህም ይሻላል፤ እሱንም ሲዘጉት ከሥሩ ወይም ከጎኑ ጥቂት ክፍተት ይተዉለት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለዎት አክምባሎው በተነሣ ቁጥር ብዙ እንፋሎት ይለቃል። ሁድ የሚይዘው በቀጥታ ከሥሩ የሚነሣውን ስለሆነ፣ ጎን ላይ የተቀመጠ ምጣድ አያገኘውም፤ የመስኮት ፋን ግን የክፍሉን አየር በሙሉ ስለሚቀይር ለእንጀራውም ያገለግልዎታል። ስለ ከሰል ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። መብራት ጠፍቶ ወይም ቡና ለማፍላት ከሰል ቤት ውስጥ ቢቀጣጠል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ካርቦን ፊልተር አይዘውም፣ መብራት በሌለበትም ፋኑ አይዞርም። ከሰል ሳሎን ውስጥ እያለ ፋኑን ማስነሣትም ጋዙን በቤቱ ሁሉ ይጎትተዋል እንጂ ደኅንነት አይሆንም። ከሰሉ ውጭ፣ በረንዳ ላይ ይሁን።

ወደፊት የራስዎ ቤት ኖሮዎት ሁድ ለመግጠም ቢያስቡ፣ ከወንፊቱና ከመብራቱ ማማር በፊት ጀርባው ወይም አናቱ ላይ የቱቦ መውጫ እንዳለው ይመልከቱ፤ መውጫ የሌለው ሁድ መቼም ወደ ውጭ አያስወጣም። መውጫው 150 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ ሠራተኛው ያገኘውን ባለ 100 ቱቦ ቢያጠብበት የአየሩ መንገድ ከግማሽ በታች ይሆናል፤ ሁዱ ይጮኻል እንጂ አይስብም። ቱቦው አጭርና ለስላሳ፣ ማጠፊያው ከአንድ የማይበልጥ ይሁን። የሁዱ ወርድ ከምድጃው ወርድ አይነስ፤ ለኤሌክትሪክ ምድጃ ከ50 ሴንቲ ሜትር፣ ለጋዝ ከ65 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ አይሰቀል፤ ከ75 በላይ ከወጣም እንፋሎቱ በጎን ያመልጠዋል። የአምራቹ መመሪያ የተለየ ቁጥር ከሰጠ እሱን ይከተሉ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ፋኑን ሽንኩርቱ ድስት ከመግባቱ አምስት ደቂቃ በፊት ያስነሡት፤ አየሩ አቅጣጫውን ይዞ ይጠብቃል። ምድጃው ከጠፋ በኋላም ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይ። ስለ መብራት ክፍያ አይስጉ፤ 30 ዋት የሚወስድ ፋን በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠራ በወር 2 ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በየሁለት ሳምንቱ ከሶኬት ነቅለው መከለያውን በሞቀ ውኃና በሳሙና ይጠቡት፣ ክንፉንም በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ሞተሩ ላይ ግን ውኃ አያድርሱ። የኋላ ክንፎቹ በቅባት ተጣብቀው በግማሽ ብቻ ሲከፈቱ ብዙ ሰው ሞተሩ የደከመ ይመስለዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እነሱን ይመልከቱ።

ፋኑ በተገጠመ ሳምንት መጋረጃዎቹን፣ የሶፋውን ልብስና የማእድ ቤቱን ግድግዳ አንድ ጊዜ በደንብ ያሳጥቡ። ቀድሞ የተጣበቀው ቅባት ካልወጣ የድሮውን ሽታ እያሸተቱ አዲሱን ፋን ይወቅሳሉ።

በመጨረሻም በእጣን ይፈትሹት። ፋኑን አስነሥተው፣ የማእድ ቤቱን መስኮት ዘግተው፣ የሳሎኑን ጥቂት ከፍተው፣ ጥቂት እጣን የሚጨስበትን ትንሽ ማጨሻ በመጋረጃው ሥር ከሳሎን በኩል ያስቀምጡ፤ ጢሱ ተጎንብሶ ወደ ማእድ ቤት መግባት አለበት። ቀጥሎ ማጨሻውን ምድጃው ላይ አድርገው ሳሎን ሆነው የመጋረጃውን አናትና ጎኖች ይመልከቱ፤ በየት በኩል ጢስ ሾልኮ ቢያዩ ያንን ክፍተት ያጥብቡ። ጢሱ ከሥርም ወደ ማእድ ቤት አልገባ ካለ የሳሎኑን መስኮት ትንሽ ጨምረው ይክፈቱ። ይህንንም አድርገው ጢሱ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ፋኑ ተገልብጦ ተገጥሞ ወይም የኋላ ክንፎቹ ሳይከፈቱ ቀርተው ሊሆን ስለሚችል ሠራተኛውን ከመሸኘትዎ በፊት ያሳዩት።